እኔ ጋ ሲመሽ አንቺ ጋ ሊነጋ ነው

እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ በአንድ ቀን አልጻፍኩትም። ከመጣሁ ጀምሮ ማታ ማታ ደብተሬ ላይ የጫርኩትን ነው ዛሬ ገልብጬ የምልክልሽ። በስልክ "ደህና ነኝ" ያልኩሽ ቀን ሁሉ ደህና አልነበርኩም። የትኛው ቀን እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደነበር እዚህ ታገኚዋለሽ። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ስልክ እንዳታነሺ።

1ኛ ቀን

ስንለያይ ያላለቀስኩት ጀግና ሆኜ አይደለም። ሻንጣው ኪሎ በዝቶበት ዕቃ ስናወጣ ስናስገባ ጊዜው አለቀ፣ ከዚያ ሮጥኩ። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ሰው አጠገቤ ስለነበረ አፈርኩ። እንባው ቀጠሮ እንደያዘ ሰው እዚህ ድረስ ጠበቀኝ።

ክፍሌ ጠባብ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ ሌላ ግድግዳ የምታይ መስኮት። በሩ ሲለቁት ራሱ ይዘጋና ራሱ ይቆለፋል። "ቀጭ" አለ፣ ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። ቤታችን ውስጥ ዝምታ የሚባል ነገር እንደሌለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰማል። በር ይከፈታል፣ ወንድሜ ይነጫነጫል፣ አንቺ ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማሽን እየጎተትሽ ታልፊያለሽ። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን የጫማ ድምፅ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩት።

በመጨረሻዋ ደቂቃ ከአንገትሽ ፈትተሽ ያስያዝሽኝን ሻርፕ አሸተትኩት። አንቺን አንቺን ይላል። ሽታው እንዳይጠፋ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩትና ትራሴ ስር አደረግኩት።

3ኛ ቀን

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ አለ። እንቅልፍ የለም። ጣሪያውን እያየሁ አለቀስኩ። በምን እንዳለቀስኩ እንኳን አላውቅም።

ነገሩ በከፊል ሆድ መባስ አይደለም ለካ፣ ሰዓት ነው። እኔ ካንቺ 7 ሰዓት ወደኋላ ነኝ። እኔ ጋ ሌሊት 9 ሲሆን አንቺ ጋ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ሰውነቴ ገና ያንቺን ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ረፋድ ላይ ማን ይተኛል? ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ለእሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖበታል፣ ዓይኔ ይከደናል። የሰውነት ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚጎተተው ይባላል። ስለዚህ 7 ሰዓቱን ለማካካስ ሳምንት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። እንደኔ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው አመሻሹ ላይ ከቤት ወጥቶ ብርሃን ቢያይ፣ ማልዶ ደግሞ መጋረጃውን ባይከፍት ቶሎ ይስተካከላል። እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነበር። ሌሊት 9 ነቅቼ የስልኬን መብራት ፊቴ ላይ አበራለሁ፣ ማታ ቶሎ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው በትንሹም በትልቁም ያለቅሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንባ እንግዲህ ሁሉንም በናፍቆት አላስመዘግበውም።

5ኛ ቀን

ዛሬ የሆነውን ብትሰሚ መጀመሪያ ትስቂያለሽ፣ ከዚያ ትበሳጫለሽ።

ገላዬን ልታጠብ ወጣሁ። ቁልፉ ውስጥ፣ ስልኩ ውስጥ፣ እኔ ፎጣ ለብሼ ውጪ። በሩ "ቀጭ" አለ። ኃላፊ የተባለው ሰው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው ተባለ። ፀጉሬ እየተንጠባጠበ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቤት ቢሆን በሩን በጡጫ እደበድበው ነበር፣ አንቺም "መጣሁ! በሩን ልትሰብሪው ነው?" እያልሽ ትከፍቺልኝ ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ። ለቅሶው ገነፈለ።

የፊት ለፊት በር ተከፈተ። አንዲት ልጅ አየችኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ ጃኬት አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷም ከሌላ አገር ነው የመጣችው፤ አራት ወሯ ነው። "እኔ ሁለት ጊዜ ተቆልፎብኛል" አለችኝ። ከዚያ በበሯ እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ክር አሳየችኝ። ከውስጥ በኩል ቁልፏን እጀታው ላይ ታንጠለጥላለች፤ እጀታውን ስትጨብጥ ቁልፉ እጇ ላይ ይመጣል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነኝ።

ኃላፊው ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶ መጣ። ይቅርታም አላለ።

6ኛ ቀን

ክፍል ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ተኛሁ።

9ኛ ቀን

ቀን ቀን ደህና ነኝ። ይህ ገርሞኛል። ክፍል ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ መንገድ ስሻገር ትዝ የምትይኝ አልፎ አልፎ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ግን አንድ ነገር ይመጣል። ያለምንም ምክንያት ባር ባር ይለኛል። ክፍሏ እንግዳ ትሆንብኛለች፣ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። ያኔ እደውልልሻለሁ። አንቺም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጥሪ ታነሺያለሽ። በቪዲዮ እየተያየን፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ሁለት ሰዓት እናወራለን። አንዳንዴም ሳናወራ እንዲሁ ክፍት ትተነው እቀመጣለሁ።

ስልኩ ሲዘጋ ግን ከመደወሌ በፊት ከነበረው ይብሳል። ፊትሽ ከስክሪኑ ይጠፋና የራሴን ፊት በጥቁሩ መስታወት ላይ አያለሁ። የምጠላው ያችን ሰከንድ ነው።

11ኛ ቀን

ያ ልጅሽ መልእክት ላከልኝ። "እማዬ ሌሊት መተኛት ትታለች። ስልኩን ትራሷ ስር አድርጋ ነው የምታድረው። አትንገራት ብላኛለች።"

ቁጭ ብዬ ሰዓቱን ቆጠርኩ። እኔ ጋ ምሽት 3 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ሌሊት 10 ነው። ስደውል ሁሉ "ነቅቼ ነበር" ስትይኝ እኔም አምኜሽ! ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በየቀኑ የሚነቃ ሰው ማን ነው? ለካ እኔ የሚከፋኝ ሰዓትና አንቺ የምትተኚበት ሰዓት አንድ ነው። የኔ ለቅሶ ባንቺ እንቅልፍ ነበር የሚከፈለው።

ተናድጄብሽ ነበር። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ አልደወልኩም። አንቺ ደግሞ ሳልደውል ሲቀር የባሰ ሳትተኚ አደርሽ፤ ይህንንም ያ ወሬኛ ነግሮኛል።

12ኛ ቀን

ይህን ቀን ልዘለው አስቤ ነበር።

ማታ ላይ የአየር ቲኬት ድረ ገጽ ከፈትኩ። መነሻ ሞላሁ፣ መድረሻ ሞላሁ፣ የፓስፖርት ቁጥሬን ሞላሁ። ክፍያ የሚለው ገጽ ላይ ደረስኩ። እና እማዬ፣ ገና ሳልከፍል ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ተነሳ። ራበኝ! ሁለት ቀን በቅጡ ያልበላሁ ልጅ ተነስቼ በላሁ። ተመልሼ ስመጣ ገጹ ጊዜው አልፎበት ተዘግቷል። እንደገና ልከፍተው ሳስብ እንቅልፍ ጣለኝ።

13ኛ ቀን

ጠዋት ወደ ተማሪዎች አማካሪ ሄድኩ። ያስገደደችኝ የጃኬቷ ልጅ ናት፤ በሩ ድረስ ሸኝታ ጥላኝ ሄደች።

አማካሪዋ ትልቅ ሴት ናት። ስለ ቲኬቱ ስነግራት አልደነገጠችም። "ምሽት ላይ ነው?" አለች። አዎ አልኳት። "ምሽት ላይ ስለ አገር ጉዳይ ውሳኔ አይወሰንም። ጠዋት ላይም መሄድ ካሰኘሽ ያኔ እንነጋገራለን።" ጠዋት ላይ አሰኝቶኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ የጥንት ታሪክ ነገረችኝ፤ ያልነገርኩት ሰው የለም። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል ወጣት ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሕክምና ማሟያ ጽሑፉን ስለ ናፍቆት ጻፈ። ከግሪክ ሁለት ቃላት፣ "መመለስ" እና "ሕመም" ከሚሉት፣ ናስታልጂያ የሚል ስም አወጣለት። እንደ በሽታ ነው የቆጠረው። ከጻፈላቸው ታማሚዎች አንዱ ደግሞ ማን መሰለሽ? ተማሪ! ከበርን ከተማ ለትምህርት ባዝል የመጣ ልጅ። የሚሄደው ያንን ያህል ሩቅ እንኳን አይደለም፤ ሁለቱ ከተሞች መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። ልጁ አዘነ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ሊሞት ነው ተባለ። ሌላ መድኃኒት ሲጠፋ ወደ ቤቱ ይመለስ ተባለ። ጉዞው ሲሰናዳ መተንፈስ ቀለለው። ከከተማው ትንሽ እንደራቁ ተሻለው። ቤቱ ሳይደርስ ዳነ።

ቤቱ ሳይደርስ! አማካሪዋ ታሪኩን ጨርሳ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ልጁን ያዳነው ቤቱ አይደለም፤ ቤቱንማ ገና አላየውም። ያዳነው እንደሚሄድ ማወቁ ነው። እኔም ቲኬቱን ሳልገዛ የራበኝ ለዚያ ነው። ያመመኝ እዚህ መሆኔ ብቻ አልነበረም። መቼ እንደምመለስ የማይታወቅ መሆኑ ነው። "ትምህርቱ ሲያልቅ" ስትሉኝ እኮ ቀን አይደለም የነገራችሁኝ፤ የሰማይ ዳርቻ ነው።

ሌላም ነገር ጠየቀችኝ። ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ክፍል ውስጥ ስትሆኚ ይቀልልሻል? የቤትሽን ሰዎች ስታወሪ ደስ ይልሻል? ናፍቆት ይመጣል ይሄዳል፣ ሥራ ሲይዙ ይለቃል አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት፣ ጨለማው ሳይለቅ ከቆየ፣ የምወደው ነገር ሁሉ፣ ያንቺ ድምፅ እንኳን፣ ደስ ካላሰኘኝ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪም ያየዋል፣ ሳትውይ ነይ አለችኝ። ያንቺ ድምፅ ገና ደስ ይለኛል። እንግዲህ ናፍቆት ነው።

14ኛ ቀን

ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩ። የሴሚስተር ዕረፍቱ የሚጀምርበትን ቀን በቀይ ከበብኩ። እመጣለሁ። ይህን አንድ ቀን እወቂልኝ። እስከዚያ ግን በየቀኑ መስቀል እያደረግኩ አልቆጥርም፤ ያ የእስረኛ ነገር ይሆናል። ቀይዋን ክብ ብቻ አያለሁ፣ ያለች መሆኗ ይበቃኛል።

16ኛ ቀን

አዲሱን ሰዓታችንን ዛሬ ጀመርን። እኔ ጋ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ አንቺ ጋ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል። ግማሽ ሰዓት። "ለምን አጠረ?" ብለሽ አኩርፈሽ ነበር፤ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ። በምሳ ሰዓት ስደውል ሆዴ አልባሰም፣ ስለዚህ የምነግርሽ ወሬ አለኝ። ስዘጋ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ፣ ያቺን ጥቁር መስታወት የማይበት ጊዜ የለም። ማታ ስደውል ግን የምጠብቀው አንቺን ብቻ ነበር። ከአልጋዬ አልነሳም፣ የጋራው ማብሰያ ቤት ውስጥ ሰዎች ሲስቁ እየሰማሁ በሩን አልከፍትም። እግሬ እዚህ፣ ዓይኔ እዚያ። በሁለቱም ቦታ የለሁም።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ትንሽ ነገር እጽፋለሁ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለናፍቆቴ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እሰጠዋለሁ። አማካሪዋ ናት ያዘዘችኝ። መጀመሪያ የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት 3፣ ቀትር 2፣ ማታ 7።

19ኛ ቀን

እሑድ። ጠዋት 5፣ ቀትር 6፣ ማታ 9።

ባለፈው እሑድ ገና ቁጥር መጻፍ አልጀመርኩም ነበር፤ የዚያን ቀን ገጽ ሳነበው ግን እንደዛሬው ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ቀትር ላይ 2 ወይም 3 ነው። ታዲያ ችግሩ አገሩ ነው? አገሩማ ማክሰኞም ያው አገር ነው። ችግሩ ባዶ ቀን ነው። እሑድ ክፍል የለም፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፣ ከጠዋት እስከ ማታ እኔና ጣሪያው ብቻ። ይህን ባልጽፈው ኖሮ "እዚህ አገር አልተመቸኝም" ብዬ እደመድም ነበር።

24ኛ ቀን

ዛሬ ጥፋት ሠራሁ። ከክፍል ልጆች ጋር የቡድን ሥራ ስንሠራ አንዱ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ወደ ክፍሌ ስመለስ ሰዓቱን አየሁ፣ ከቀትር ጀምሮ አንዴም አላሰብኩሽም። አምስት ሰዓት ሙሉ!

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። የከዳሁሽ መሰለኝ። ናፍቆቱ ካልቀነሰ አመመኝ፣ ሲቀንስ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ምን እንደሚሻለኝ እኔም አላውቅም። ለጃኬቷ ልጅ ስነግራት "እኔ አራተኛው ሳምንት ላይ ለዚሁ ነገር አልቅሻለሁ" አለችኝ። ማታ 4 ጻፍኩ፣ ከጎኑ "ይቅርታ እማዬ" ብዬ።

26ኛ ቀን

እሑድ። ዛሬ ባዶውን ሰዓት ቀድሜ ያዝኩት። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ከጃኬቷ ልጅ ጋር ለ10 ሰዓት አስመዘገብን። ማሽኑ 40 ደቂቃ ያጥባል፣ ማድረቂያው ሌላ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ በግድ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እናወራለን። እሷ ስለ እናቷ፣ እኔ ስላንቺ። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ዝምታ የለም። ስንጨርስ 12 ሰዓት ገደማ ሆኗል። ማታ 5።

አንሶላዬን ሳወጣ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሻርፕሽ የነበረበት ፕላስቲክ ከአንሶላው ጋር ተጠቅልሎ ማሽን ገብቶ ኖሯል። አፉ ተፈቷል፣ ሻርፑ ታጥቧል። ከማድረቂያው ሳወጣው ሞቋል፣ ሳሸተው ሳሙና ሳሙና ይላል። አንቺ የለሽበትም።

አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። እንባዬ አቀረረ፣ አልወረደም። ከዚያ አንገቴ ላይ አደረግኩት። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ሽታው እንዳያልቅ ብዬ አንዴም ለብሼው አላውቅም ነበር።

30ኛ ቀን

ዛሬ አንድ ወር ሞላኝ። የመጀመሪያው ሳምንት የማታ ቁጥር ባይኖረኝም ከ9 አይወርድም ነበር ብዬ እገምታለሁ። የዚህ ሳምንት 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 7፣ 4 ነው። ሰባቱ ትናንት ነው፤ መንገድ ላይ ከኋላዬ አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች፣ ዞር ስል አንቺ አይደለሽም። እንዲህ ያለው ቀን እንደሚመጣ አውቄ ነው የምኖረው። እስከ ዕረፍቱም አይጠፋም መሰለኝ።

ሦስት ነገር ልለምንሽ። አንደኛ፣ ፎቶ ስትልኪልኝ ቤቱን አሰናድተሽ አይሁን፤ ዝርክርክ እንዳለ ላኪልኝ፣ ካለዚያ የሌላ ሰው ቤት ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ አልጋዬን ለወንድሜ ብትሰጪው አልቀየምም፣ ሳይነግሩኝ ቀርተው ስመጣ ባየው ነው የምቀየመው። ሦስተኛ፣ ሲከፋሽ "ደህና ነኝ" አትበይኝ። እኔም ከእንግዲህ አልልሽም። ዛሬ 4 ነኝ።

አሁን እኔ ጋ ምሽት 3 ሰዓት ነው። አንቺ ጋ ሌሊት 10። አልደውልም። ስልኩን ከትራስሽ ስር አውጪና ሳሎን አድርጊው። ነገ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ፤ ሻርፑን አድርጌ ታይኛለሽ።

ልጅሽ